ቪዲዮ ፖከር ላይ ከመቀመጣችሁ በፊት ሁለት መስመር አንብቡ

ይህን የምጽፈው ላስ ቬጋስ ለምትኖሩ፣ ወይም ለሠርግና ለእረፍት ብቅ ለምትሉ ሰዎች ነው። እዚህ ከተማ ሐበሻው ብዙ ነው። ታክሲ የሚነዳ አለ፣ ካሲኖ ውስጥ ካርታ የሚያድል አለ፣ ሆቴል የሚሠራ አለ። ከሥራ ሲወጣ ቪዲዮ ፖከር ላይ ቁጭ የሚለውም ቀላል አይደለም። እኔም ዓመታት ተጫውቻለሁ፣ አሁንም እጫወታለሁ። ታዲያ ሁሌ የሚያንገበግበኝ አንድ ነገር አለ። ሰዉ ማሽን የሚመርጠው ወንበሩ ስለተመቸው፣ ጥግ ላይ ስለሆነ ወይም "ባለፈው ሰጥቶኛል" ብሎ ነው። ማሽኑ ስንት እንደሚያስከፍለው ግን እዚያው ስክሪኑ ላይ ተጽፎለታል።

መጀመሪያ አንድ ነገር ላስረዳ፤ ሌላው ሁሉ የቆመው እሱ ላይ ነውና። ስሎት ማሽን ላይ ምስሎቹ በምን ያህል ዕድል እንደሚወጡ ከውጭ አይታይም። ሁለት አንድ ዓይነት ስሎቶች ጎን ለጎን ቆመው ተመላሻቸው ሊለያይ ይችላል፣ እናንተም በምንም መንገድ አታውቁም። ቪዲዮ ፖከር ግን ሌላ ነው፤ አምስት ካርታ ያድላችኋል፣ የፈለጋችሁትን ይዛችሁ ሌላውን ታስቀይራላችሁ። በኔቫዳ ደንብ መሠረት ካርታ የሚያሳይ ማሽን እያንዳንዱን ካርታ ልክ በእውነተኛ 52 ካርታ እንደሚሆነው ዕድል ማውጣት አለበት። አስ የመምጣቱ ዕድል ጠረጴዛ ላይም ማሽን ላይም አንድ ነው። ስለዚህ ካሲኖው ብዙ መያዝ ሲፈልግ ካርታውን አይነካም። የሚነካው የክፍያ ሰንጠረዡን፣ ፔይ ቴብሉን ነው። እሱ ደግሞ ፊታችሁ ነው።

አንድ ጋሼ የምላቸው ታክሲ ነጂ አሉ፣ ከአየር ማረፊያ ተረኛ ሲመለሱ አንድ ቦታ እንገናኛለን። "ልጄ፣ ዛሬ ይሄ ነገር ጠብቋል፤ አለቆቹ አጥብቀውታል" አሉኝ አንድ ማታ። ስክሪኑን አየሁ። "ጋሼ፣ ዛሬ አልጠበቀም፤ እርስዎ ሳይቀመጡም ጥብቅ ነበር" አልኳቸው። ከዚያ ሁለቱን መስመሮች በጣቴ አሳየኋቸው።

መስመሮቹ እነዚህ ናቸው። በጣም የተለመደውን ጨዋታ፣ ጃክስ ኦር ቤተርን እንውሰድ። ስክሪኑ አናት ላይ አምስት አምድ ያለው ሰንጠረዥ አለ፤ በአንድ ክሬዲት፣ በሁለት፣ እያለ እስከ አምስት ይሄዳል። በመጨረሻው፣ በአምስት ክሬዲቱ አምድ FULL HOUSE፣ ማለትም ሦስት አንድ ዓይነትና አንድ ጥንድ፣ እና FLUSH፣ ማለትም አምስቱም ካርታ አንድ ምልክት ሲሆን፣ የሚሉትን መስመሮች ፈልጉ። ፉል ሃውሱ 45፣ ፍላሹ 30 ከሆነ ማሽኑ ፉል ፔይ ነው፣ ሙሉውን የሚከፍል። 45 እና 30ን ለአምስት ስታካፍሉ 9 እና 6 ይሆናሉ፤ "ናይን ሲክስ" የሚባለው ለዚህ ነው። 40 እና 25 ካያችሁ ኤይት ፋይቭ ነው፣ ሾርት ፔይ፣ ቆርጦ የሚከፍል። 35 እና 25 ከሆነ ሰቨን ፋይቭ። 30 እና 25 ከሆነ ሲክስ ፋይቭ፣ እዚያ ላይ አትቀመጡ።

ሌሎቹ መስመሮች አብዛኛውን ጊዜ አንድ ናቸው። ጥንድ ጃክና ከዚያ በላይ የገባውን ይመልሳል፣ ለአንድ ክሬዲት ሁለት ጥንድ 2፣ ሦስት አንድ ዓይነት 3፣ ስትሬት 4፣ አራት አንድ ዓይነት 25፣ ስትሬት ፍላሽ 50፣ ከሁሉ ትልቁ፣ ሮያል ፍላሽ ደግሞ በአምስት ክሬዲት 4,000። ካሲኖው ከፉል ሃውስና ከፍላሽ የሚቀንሰው ያለ ምክንያት አይመስለኝም። ሁለት ጥንድ ላይ አንድ ቢቀንስ ማንም በአሥር ደቂቃ ውስጥ ይነቃል፣ ምክንያቱም ሁለት ጥንድ በየስምንት ዙሩ ገደማ ይመጣል። ሮያሉን ቢቀንስ ደግሞ ሁሉም መጀመሪያ የሚያየው እሱን ስለሆነ ወዲያው ይታወቃል። ፉል ሃውስ ግን በአማካይ ከ87 ዙር አንዴ፣ ፍላሽ ከ91 ዙር አንዴ ነው የሚመጡት። ሲመጡ ሰው ይደሰታል እንጂ ስንት ጎደለብኝ ብሎ አይቆጥርም።

እስቲ በገንዘብ እንየው። ኳርተር፣ ማለትም በ25 ሳንቲም መደብ፣ አምስት ክሬዲት እያስገባችሁ ትጫወታላችሁ እንበል፤ በዙር $1.25 ነው። ናይን ሲክስ ላይ ፉል ሃውስ ሲመጣ $11.25 ትወስዳላችሁ፣ ኤይት ፋይቭ ላይ $10። ፍላሽ ደግሞ እዚያ $7.50፣ እዚህ $6.25። በእያንዳንዱ የቀረችው $1.25 ብቻ ናት፣ ማለትም የአንድ ዙር ዋጋ። ግን ደህና የለመደ ሰው በሰዓት 600 ዙር ይጫወታል። በ600 ዙር ውስጥ ሰባት ገደማ ፉል ሃውስ፣ ስድስት ወይም ሰባት ፍላሽ ይመጣል። በእያንዳንዱ $1.25 ሲቀር በሰዓት ወደ $17 ሳታዩት ሄደ ማለት ነው።

በመቶኛ ሲታይ ነገሩ ይጠራል። ካርታ አያያዙን ሳይሳሳት ለሚጫወት ሰው ናይን ሲክስ 99.54 በመቶ ይመልሳል። ፉል ሃውሱ ወደ 8 ሲወርድ 98.39 ይሆናል። ፍላሹም ወደ 5 ሲወርድ፣ ማለትም ኤይት ፋይቭ ላይ፣ 97.30። ሰቨን ፋይቭ 96.15፣ ሲክስ ፋይቭ 95 በመቶ። እያንዳንዷ አንድ ክሬዲት ወደ አንድ በመቶ ከምናምን ትወስዳለች። አንድ በመቶ ትንሽ ይመስላል። ግን በሰዓት $750 እያሽከረከራችሁ ነው፤ ኪሳችሁ የገባው $100 ብቻ ቢሆንም፣ ያው ገንዘብ ተመልሶ እየገባ እየወጣ ነውና። ከ$750 ላይ ናይን ሲክስ በአማካይ ሦስት ዶላር ተኩል ገደማ ይወስዳል፣ ኤይት ፋይቭ $20፣ ሲክስ ፋይቭ $37.50። ጨዋታው ያው፣ ካርታው ያው፣ ወንበሩ ያው፣ ዋጋው ግን ከአሥር እጥፍ በላይ ይለያያል። ጋሼን ያስደነገጣቸው ይሄ የመጨረሻው ነው፤ የተቀመጡት ሲክስ ፋይቭ ላይ ነበር።

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው የሚጠይቀኝን ላንሳ። "እሺ፣ ናይን ሲክስ 99.54 ይመልሳል ትላለህ፣ እኔ ግን ሁልጊዜ የምከስረው ከዚያ በላይ ነው፤ ቁጥሩ ውሸት ነው?" አይደለም። ግን 99.54 ማለት ዛሬ ማታ $100 ይዛችሁ ገብታችሁ $99.54 ይዛችሁ ትወጣላችሁ ማለት አይደለም። እዚህ ጋ ረጋ ብላችሁ አንብቡልኝ።

ከዚያ 99.54 ውስጥ ወደ 2 በመቶ የሚጠጋው የሚመጣው ከሮያል ፍላሽ ብቻ ነው። ሮያል ደግሞ በአማካይ ከ40,000 ዙር አንዴ ነው የሚመጣው። በሰዓት 600 ዙር ስንሄድ ከ65 ሰዓት በላይ ጨዋታ ነው። ስለዚህ ሮያል ባላያችሁበት ጊዜ ሁሉ የምትጫወቱት 99.54 በሚመልስ ማሽን ሳይሆን 97.56 ገደማ በሚመልስ ማሽን ላይ ነው። የቀረው ሁለት በመቶ አንድ ቀን በጥቅል እስኪመጣ ድረስ አይታይም።

ሁለት ሰዎች እንውሰድ። ሁለቱም በኳርተር አምስት ክሬዲት፣ እያንዳንዳቸው 10,000 ዙር ተጫወቱ፤ ሁለቱም $12,500 አሽከረከሩ። አንደኛው ናይን ሲክስ ላይ ነው፣ ሮያል አልመጣለትም። ይህ ምንም አይገርምም፤ በ10,000 ዙር ውስጥ ከአምስት ሰው ወደ አራቱ ሮያል አያዩም። ይህ ሰው በአማካይ ወደ $305 ይከስራል። ሁለተኛው ኤይት ፋይቭ ላይ ነው፣ አንድ ሮያል መጣለት። ያለ ሮያሉ ወደ $585 ይከስር ነበር፣ ሮያሉ $1,000 ሰጠው፣ ስለዚህ $415 ገደማ አትርፎ ይወጣል። አሁን እነዚህ ሁለት ሰዎች ቡና ላይ ቢገናኙ ማን ማንን ይመክራል? ያተረፈው ነው የሚናገረው። "እዚያ ጥግ ያለው ማሽን ይሰጣል፣ አንተ ያልከው አይረባም" ይላል። ሁለቱም የሆነባቸውን ነው የሚናገሩት፤ ማሽኖቹን በተመለከተ ግን ያተረፈው ተሳስቷል። ኤይት ፋይቩ ሮያል የማምጣት ዕድሉ ከናይን ሲክሱ አይበልጥም። ያው 52 ካርታ ነው። ያው ሮያል ናይን ሲክሱ ላይ መጥቶለት ቢሆን ትርፉ ወደ $700 ይጠጋ ነበር።

ልዩነቱ እየጎላ የሚሄደው ዙሩ ሲበዛ ነው። አንድ ሚሊዮን ዙር እንበል፤ ብዙ ይመስላል፣ ግን በሳምንት ጥቂት ማታ የሚቀመጥ ሰው በዓመታት ውስጥ ይደርስበታል። ናይን ሲክስ ላይ የሚጠበቀው ኪሳራ $5,700 ገደማ ነው፣ ኤይት ፋይቭ ላይ $33,750። በሚሊዮን ዙር ዕድል ወደ ላይም ወደ ታችም የሚወስደው በአብዛኛው $5,500 አካባቢ ነው። ስለዚህ የናይን ሲክሱ ሰው ዕድል ቢቀናው ሊያተርፍም ይችላል፣ ባይቀናው $11,000 ሊከስር ይችላል። የኤይት ፋይቩን ሰው ግን ምንም ዕድል ቢቀናው ከዚያ ጉድጓድ አያወጣውም። በ10,000 ዙር ላይ ዕድል ሰንጠረዡን ይሸፍነዋል፣ በሚሊዮን ዙር ላይ ሰንጠረዡ ዕድሉን ይውጠዋል። ማሽን በውጤቱ መመዘን የማይቻለውም ለዚህ ነው።

"ሮያል ከመጣ ቆይቷል፣ አሁን ደርሷል" የሚሉም አሉ። ማሽኑ ያለፈውን አያስታውስም። 40,000 ዙር የተጫወተ ሰው ሮያል ሳያይ የመቅረት ዕድሉ 37 በመቶ ገደማ ነው፣ 80,000 ዙር ሄዶም 14 በመቶ ገደማ ይቀረዋል። ስለዚህ በጣም ረጅም ደረቅ ጊዜ ማሽኑ እንደተበላሸ አያሳይም፣ ሮያሉ እንደቀረበም አያሳይም።

ሁለት ነገር ግን በራሳችሁ እጅ ሰንጠረዡን ያበላሻል። አንደኛው ከአምስት ክሬዲት በታች መጫወት ነው። ከአንድ እስከ አራት ክሬዲት ሮያሉ በክሬዲት 250 ነው የሚከፍለው፣ አምስተኛው ሲገባ ነው ወደ 800 የሚዘለው። ናይን ሲክስ ላይ አንድ ክሬዲት ብቻ ብትጫወቱ ተመላሹ ወደ 98.4 ይወርዳል። ገንዘቡ ከከበዳችሁ መደቡን ዝቅ ማድረግ ነው የሚሻለው የሚባለው እውነት ነው፣ ግን ጥንቃቄ አለው። ዝቅተኛው መደብ ላይ ሰንጠረዡ ብዙ ጊዜ ይከፋል። አምስት ኒክል በኤይት ፋይቭ ከመጫወት አንድ ኳርተር በናይን ሲክስ ይሻላል፤ የሚወጣው ገንዘብ በዙር ያው 25 ሳንቲም ነው።

ሁለተኛው የካርታ አያያዝ ነው። 99.54 የሚገኘው ትክክለኛውን ካርታ ለሚይዝ ሰው ብቻ ነው። አንድ ምሳሌ። የኸርት ኪንግ፣ የኸርት 8፣ የኸርት 4፣ የኸርት 2 እና የስፔድ 8 ደረሳችሁ። አብዛኛው ሰው ሁለቱን ስምንት ይይዛል፣ "የያዝኩትን አልለቅም" ብሎ። የቀሩት ካርታዎች 47 ናቸው። አራቱን ኸርት ብትይዙ 9 ካርታ ፍላሽ ያደርጋችኋል፣ በእያንዳንዱ 6፣ ማለትም 54። ሌሎቹ 3 ኪንጎች ደግሞ የገባውን ይመልሳሉ፣ 3 ተጨመረ፣ 57። ለ47 ሲካፈል 1.21 ይሆናል። ጥንዱን ስምንት ብትይዙ ግን 0.82 ገደማ ነው። በ$1.25 ዙር ወደ 49 ሳንቲም ልዩነት በአንድ ውሳኔ። ጥንዱ ጃክ ወይም ከዚያ በላይ ቢሆን ግን ይገለበጣል፤ ጥንዱ ወደ 1.54 ስለሚያወጣ እሱን ያዙ። ከጥንዱ ጎን አስ አትያዙ፣ ይሄ በጣም የተለመደ ስህተት ነው። አስ ከበድ ያለ ካርታ ስለሆነ ብቻ ሰው አይለቀውም፣ ቦታውን ግን ሦስተኛ ጃክ ሊይዝበት ይችል ነበር።

የጨዋታውን ስም ሳታዩ ደግሞ ቁጥሩን አትመኑ። ናይን ሲክስ አይቶ የተቀመጠ ሰው አውቃለሁ፣ ጨዋታው ግን ደብል ደብል ቦነስ ነበር። እዚያ ሁለት ጥንድ የሚከፍለው 2 ሳይሆን 1 ነው፣ የተቀነሰው ለአራት አስና ለመሳሰሉት ትልልቅ ክፍያዎች ሄዷል። የደብል ደብል ናይን ሲክስ 98.98 ይመልሳል፤ መጥፎ አይደለም፣ ግን የጃክስ ኦር ቤተሩ አይደለም። ውጣ ውረዱም በጣም ይበዛል፤ $100 ቶሎ ያልቃል። በተቃራኒው ቦነስ ፖከር የሚባለው ላይ ኤይት ፋይቭ ጥሩው ሰንጠረዥ ነው፣ 99.17 ይመልሳል፣ ምክንያቱም አራት አስ 80፣ አራት 2፣ 3 ወይም 4 ደግሞ 40 ይከፍላል። ያው 40 እና 25፣ በአንዱ ጨዋታ ሾርት ፔይ፣ በሌላው ፉል ፔይ። ስለዚህ መጀመሪያ ስሙ፣ ቀጥሎ ቁጥሩ።

2 ቁጥር ሁሉ የፈለጋችሁትን ካርታ በሚተካበት በዲውስስ ዋይልድ ላይ ደግሞ የምታዩት መስመር ሌላ ነው። እዚያ አራት አንድ ዓይነት ነው ቁልፉ፤ ፉል ፔዩ በአምስት ክሬዲት 25 ይከፍላል። ሙሉው ሰንጠረዥ 100.76 በመቶ ነው፣ አዎ፣ ከመቶ በላይ፤ ለዚህም ነው አሁን በጣም ብርቅ የሆነው። አራት አንድ ዓይነት እዚያ በየ15 ወይም 16 ዙር ስለሚመጣ ከ25 ወደ 20 ቢወርድና ሌላው እንዳለ ቢቀር ከ6 በመቶ በላይ ይሄዳል። ሌሎች መስመሮች ከፍ ተደርገው የሚካካስባቸው ዓይነቶችም አሉ፣ ስለዚህ ያን አንድ መስመር ብቻ አይታችሁ አትወስኑ።

የት ይገኛል ለምትሉኝ፣ ስትሪፕ ላይ ኳርተር ናይን ሲክስ መፈለግ ያደክማል። የከተማው ነዋሪ የሚሄድባቸው፣ ከስትሪፕ ራቅ ያሉ ካሲኖዎች ይሻላሉ። እዚያም ቢሆን ጎን ለጎን ያሉ ማሽኖች ይለያያሉ። ብዙ ጨዋታ በያዘ ማሽን ላይ ደግሞ መደቡን ስትቀይሩ ሰንጠረዡም ይቀየራል፤ ኳርተሩ ኤይት ፋይቭ ሆኖ ዶላሩ ናይን ሲክስ ሊሆን ይችላል። ገንዘብ ከማስገባታችሁ በፊት ጨዋታውን ከፍታችሁ፣ መደቡን መርጣችሁ አምስተኛውን አምድ እዩ። ነፃ ነው፣ ማንም አይቆጣችሁም። ለተሻለው ሰንጠረዥ ብላችሁ ግን ወደ ዶላር አትውጡ፣ አቅማችሁ ካልሆነ። የዶላሩ ናይን ሲክስ በሰዓት በአማካይ $14 ገደማ ይወስዳል፣ ውጣ ውረዱም አራት እጥፍ ነው።

ማሽኑ የሮያል ጃክፖቱ የሚያድግ፣ ፕሮግረሲቭ ከሆነ ሒሳቡ ይቀየራል። ከ4,000 ክሬዲት በላይ እያንዳንዱ 1,000 ክሬዲት ወደ ግማሽ በመቶ ይጨምራል። ኤይት ፋይቭ ኳርተር ላይ ጃክፖቱ $1,500 ቢደርስ ተመላሹ 98.3 አካባቢ ይሆናል፣ አሁንም ከተራው ናይን ሲክስ ያነሰ። በትልቁ የሚያበራው ቁጥር ስቦ እንዳያስቀምጣችሁ፣ ከስሩ ያሉትን ሁለት መስመሮች እዩ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ከኔቫዳ ለምትወጡ። በአንዳንድ ግዛቶች፣ በአሜሪካ ቀደምት ነዋሪዎች ካሲኖዎች ውስጥ ቪዲዮ ፖከር የሚመስሉ ግን ከውስጥ ቢንጎ የሆኑ ማሽኖች አሉ። ክላስ ቱ ይባላሉ። ምልክታቸው ስክሪኑ ጥግ ላይ ያለች ትንሽ የቢንጎ ካርድ ናት። እነሱ ላይ ውጤቱን የሚወስነው ቢንጎው ነው፣ ካርታው ለማሳያ ነው። የጣላችሁት ካርታ ራሱ ውጤቱን ላይለውጥ ይችላል። እዚያ ላይ 45 እና 30 ብታዩም እስካሁን ያልኳችሁ ሒሳብ አይሠራም፣ የቢንጎ ካርዷን ካያችሁ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ተነሱ።